«ታታሪ ነኝ» ስለሚል ጽሑፍ

በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ወጣት ለሥራ ማመልከቻ ያዘጋጀውን ወረቀት ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። «መምህር፥ የፊደል ስሕተት እንዳለበት ብቻ ይዩልኝ» አለኝ። ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከስሙና ከአድራሻው ቀጥሎ «ስለ ራሴ» የሚል አርእስት ነበረ፤ ከሥሩም እንዲህ ተጽፎ አገኘሁ፤

«ለሥራዬ ጥልቅ ፍቅር ያለኝ፥ ውጤት ተኮር፥ በራሴ ተነሣሽነት የምሠራ፥ የሥራ ጫና የማይበግረኝ፥ በቡድን መሥራት የምችል፥ የአመራር ችሎታ ያለኝ ታታሪና ታማኝ ወጣት ነኝ።»

የፊደል ስሕተት አልነበረበትም። ሰዋስዉም የተስተካከለ ነው። ነገር ግን ከወረቀቱ ቀና ብዬ ልጁን ባየሁት ጊዜ፥ በጽሑፉ ውስጥ ያለው ሰውና በፊቴ የተቀመጠው ሰው አልገጠሙልኝም። እኔ የማውቀው ዝምተኛ፥ ነገርን ሁለት ጊዜ ሳያጣራ እጁን የማያነሣ፥ የራሱ ጠባይ ያለው ልጅ ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው ግን ማንም ነው። ስሙ ቢፋቅና የሌላ ሰው ስም ቢገባበት፥ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል መለወጥ አያስፈልግም። የአናጢ ቢሆን፥ የነርስ ቢሆን፥ የሒሳብ ሠራተኛ ቢሆን ያው ነው።

ይህን ስል እኔ ከነቀፌታው ነጻ ነኝ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ልጁ እነዚህን ቃላት ከእኔና ከመሰሎቼ ሳይማራቸው አልቀረም። በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎች ሥራ ሲፈልጉ የምስክርነት ደብዳቤ ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔም «ታታሪ፥ ትሑትና ታማኝ ተማሪ ነበረ» ብዬ እፈርም ነበር። በ1996 ዓ.ም. ሦስት ተማሪዎቼ ሳይነጋገሩ ለአንድ መሥሪያ ቤት ለአንዲት ክፍት የሥራ ቦታ አመለከቱ። የመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ በስልክ ጠርቶ፥ «መምህር፥ ሦስቱም ታታሪ፥ ሦስቱም ትሑት፥ ሦስቱም ታማኝ ናቸው ብለው ጽፈውልናል፤ እንግዲህ የትኛውን እንቅጠር?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከሦስቱ አንደኛዋ ሁለት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤታችንን ቤተ መጻሕፍት ቁልፍ ይዛ አንድ መጽሐፍ ያልጠፋባት ልጅ ነበረች። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ብጽፍላት ኖሮ ምርጫው ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን አልጻፍሁትም፤ በስልክም ጊዜ ትዝ አላለኝም። ኋላ እንደ ሰማሁት ዕጣ አወጡ፤ ዕጣውም ለእርስዋ አልወጣም።

እነዚህ ቃላት ለምን ባዶ ይሆናሉ? ሐሰት ስለ ሆኑ አይደለም። ልጁ በእውነት ታታሪ ነው። ባዶነታቸው የሚታወቀው ተቃራኒያቸውን በመጻፍ ነው። «ሰነፍ ነኝ፥ ለውጤት አልጨነቅም፥ ከሰው ጋር መሥራት አልወድም» ብሎ የሚያመለክት ሰው በዓለም ላይ ይገኛልን? አይገኝም። ተቃራኒውን ማንም የማይጽፈው ቃል አንዱን ሰው ከሌላው ሊለይ አይችልም። መቶ ማመልከቻ በፊቱ የተከመረበት ኀላፊም በመቶውም ላይ ያንኑ ስለሚያገኝ፥ ዐይኑ ሳይቆም አልፎት ይሄዳል።

ታዲያ ጸሐፊው ራሱ ይህን ባዶነት ለምን አያየውም? በፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 ቤርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ያደረገው ፈተና ለዚህ ጥቂት ብርሃን ይሰጣል። ፎረር 39 ተማሪዎቹን የጠባይ መመርመሪያ ጥያቄ አስሞላቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ለእያንዳንዱ «ይህ የአንተ ጠባይ ነው» ብሎ የተጻፈ ወረቀት ሰጠና ምን ያህል እንደሚገልጸው ከዜሮ እስከ 5 ነጥብ እንዲሰጥ ጠየቀ። አማካዩ ነጥብ ከ4 በላይ ሆነ። ነገር ግን ለሁሉም የተሰጠው ወረቀት አንድ ዐይነት ነበረ፤ ዐረፍተ ነገሮቹንም አብዛኛውን የለቀማቸው በጋዜጣ መሸጫ ከሚገኝ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። በእኛም አገር ዐውደ ነገሥት አስገልጦ «እኔን ቁልጭ አድርጎ ነገረኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ለሁሉ የሚስማማ ቃል ለባለቤቱ የራሱ ይመስለዋል፤ ራሱን ስለሚያውቅ ባዶውን ቃል በራሱ ትዝታ ይሞላዋል። ልጁ «ታታሪ» ብሎ ሲጽፍ በልቡ ያመሸባቸውን ሌሊቶች ያያል። አንባቢው ግን እነዚያን ሌሊቶች አያውቃቸውም፤ የሚያየው አምስት ፊደል እንኳ የማይሞላ አንድ ቃል ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህኛው የእኛ ነው። «ሙያ በልብ ነው» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ስለዚህ ወጣቱ «ይህን ሠራሁ» ብሎ መናገር እንደ ጉራ ይመስለውና ያፍራል፤ አፍሮም ከቅጽል በስተ ጀርባ ይደበቃል። ነገሩን ስንመረምረው ግን ተገላቢጦሽ ነው። «የአመራር ችሎታ አለኝ» ማለት ስለ ራስ ፍርድ መስጠት ነው፤ «ሦስት ሰዎች በእኔ ሥር ይሠሩ ነበር» ማለት ግን ነገሩን ተናግሮ ፍርዱን ለሰሚው መተው ነው። ከሁለቱ ትሕትና ያለበት ሁለተኛው ነው። የጥንቱ ፎካሪ እንኳ፥ ጉራ የተፈቀደለት ሰው ሆኖ ሳለ፥ ጀግና ነኝ ብሎ ብቻ አይቀመጥም ነበር። የት እንደ ዋለ፥ ማንን እንደ ጣለ ይናገር ነበር፤ አብረውት የዋሉ ሰዎችም እዚያው ቆመው ይሰሙት ስለ ነበረ ያልሠራውን ቢጨምር መዋረዱን ያውቃል።

እንግዲህ ወደ ልጁ ወረቀት እንመለስ። ይህ ወጣት ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበረ። አሁን የሚያመለክተውም ከዚያ ለሚሰፋ ግምጃ ቤት ነው። እኔ የፊደል እርማቱን ትቼ፥ «ግምጃ ቤቱን ስትረከብ ምን አገኘህ?» አልሁት። መጀመሪያ «ዕቃው ተዘበራርቆ ነበር» አለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ድርሰት ያስተማሩኝ ሴት እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ሲያገኙ በጠርዙ ላይ በቀይ ቀለም «እንዴት ዐወቅህ?» ብለው ይጽፉ ነበርና እኔም ያንኑ ጠየቅሁት።

ዝም ብሎ ቆየና መናገር ጀመረ። በግምጃ ቤቱ 340 ዐይነት ዕቃ ነበረ። ግምጃ ቤት ለማያውቅ አንባቢ ልግለጽ፤ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 በሚባለው ደረሰኝ ይገባል፥ ሲወጣ በሞዴል 22 ይወጣል፤ ለእያንዳንዱም ዐይነት በመደርደሪያው ላይ ቢን ካርድ የሚሉት ወረቀት ይንጠለጠላል። በካርዱ ላይ የገባው ይደመራል፥ የወጣው ይቀነሳል፥ ቀሪው ይጻፋል። ስለዚህ በካርዱ ላይ ያለው ቁጥርና በመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ መስማማት አለበት። ልጁ ሲረከብ ካርድ የነበራቸው 215 ዐይነቶች ብቻ ነበሩ። ከእነዚያም በ52ቱ ላይ ካርዱና ዕቃው አልተስማሙም።

«ተዘበራርቆ ነበር» የሚለው ቃል ውስጥ ይህ ሁሉ ተቀብሮ ነበር ማለት ነው።

ቀጥዬ፥ «ታዲያ ምን አደረግህ?» አልሁት። ካርድ ለሌላቸው ለ125ቱ ካርድ አወጣ። ቀጥሎም ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ ፈለገ። ሰው ሁሉ ሌባ ይኖራል ብሎ ሲጠረጥር፥ እርሱ አብዛኛው ልዩነት ከመለኪያ የመጣ ሆኖ አገኘው። ለምሳሌ ያህል የጽሕፈት ወረቀት በካርቶን ይገባል፤ በአንድ ካርቶን ውስጥ 5 ደስጣ አለ፤ ወደ ክፍሎች የሚወጣው ግን በደስጣ ነው። የቀድሞው ሠራተኛ ሲገባ «40» ብሎ ካርቶኑን ይጽፋል፥ ሲወጣ «40» ብሎ ደስጣውን ይቀንሳል። በካርዱ ላይ ወረቀቱ አልቋል፤ በመደርደሪያው ላይ ግን 160 ደስጣ ተቀምጧል። መሥሪያ ቤቱም ካርዱን አምኖ ሌላ ወረቀት ይገዛል። ልጁ በየካርዱ ራስ ላይ መለኪያውን በቀይ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲያም ማንም ሳያዝዘው ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዐሥር ዐሥር ዐይነት እየመረጠ ከካርዱ ጋር ያመሳክር ነበር።

«በመጨረሻስ?» አልሁት። በሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. የቆጠራ ኮሚቴው 340ውን ዐይነት ሲቆጥር ያልተስማሙት 6 ሆኑ። ከስድስቱ የአራቱን ምክንያት አገኘው፤ የሁለቱን ግን እስከ ዛሬ አላገኘውም።

አንባቢዬ ሆይ፥ አሁን የልጁን ቅጽሎች በዚህ ነገር አጠገብ እያስቀመጥህ ተመልከታቸው። «ውጤት ተኮር» የሚለው 52 ከነበረው 6 ወደ ቀረው ከገባ በኋላ ቃሉ ራሱ ትርፍ ሆነ። «ጥልቅ ፍቅር» እና «በራሴ ተነሣሽነት» የሚሉት ሁለቱም በዓርቡ ቆጠራ ውስጥ አሉ፤ ማንም ያላዘዘውን ሥራ በየሳምንቱ የሚሠራ ሰው ሥራውን መውደዱን ሌላ ሰው ይናገርለታል። «ጫና አይበግረኝም» የሚለውን ስጠይቀው የሰኔን ወር አነሣ። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግዢው ሁሉ በወሩ መጨረሻ ይጐርፋል፤ በ2014 ዓ.ም. ሰኔ በሁለት ሳምንት ውስጥ 27 ሞዴል 19 ቈርጦ ዓመቱ ሳይዘጋ ሁሉንም ወደ ካርድ አስገብቷል። ይህን ሲነግረኝ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረው። ሰው ለራሱ ተራ የሚመስለውን ነገር ለመጻፍ አያስብም፤ ብዙ ጊዜ ግን ማስረጃው ያለው እዚያ ነው።

«በቡድን መሥራት» የሚለውን ለመሰረዝ እርሳሴን ሳነሣ ልጁ ከለከለኝ። «ማስታወቂያው ይህን ይጠይቃል» አለ። ማስታወቂያውን አሳየኝ፤ እውነቱን ነው። ይህን ባዶ ቃል ወጣቱ ብቻ አልፈጠረውም፤ ቀጣሪዎችም የሚፈልጉትን ሥራ ዘርዝሮ መጻፍ ሲከብዳቸው «ውጤት ተኮር ባለሙያ» ብለው ያወጣሉ፤ ከዚያም በኋላ ያንኑ ቃል ከመቶ ሰው መልሰው ይቀበላሉ። የሆነ ሆኖ ጥያቄ ተጠይቋልና መመለስ አለበት። «ከማን ጋር ሠራህ?» ብለው፥ በየወሩ መጨረሻ ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጋር ተቀምጦ ካርዱን ከእርስዋ መዝገብ ጋር ያስተያይ እንደ ነበረ ነገረኝ። ይህ ይበቃል። «የአመራር ችሎታ» ለሚለው ግን ምንም አልተገኘም፤ ግምጃ ቤቱን የያዘው ብቻውን ነው። ስለዚህ ተሰረዘ። ልጁ ትንሽ ቅር አለው፤ እኔ ግን አልራራሁም። ማስረጃ የሌለውን ቃል ማስቀረት ማስረጃ ያላቸውንም ያስጠረጥራልና።

«ታማኝ» የሚለውም ወጣ፤ ይህ የወጣበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ስለ ራስ ሊባሉ የማይችሉ ቃላት አሉ። ሰው ራሱን ታማኝ ነኝ ሲል ሰሚው ይልቁን ኪሱን ይዳስሳል። ይህ ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሊመጣ ይገባል፤ አለዚያም ከሥራው ሊነበብ ይገባል።

እዚህ ላይ ደርሰን ልጁ ቁጥር የመጻፍን ጥቅም ሲያይ ወደ ሌላው ጽንፍ ሄደ። «እንግዲያውስ ልዩነቱን በ88 በመቶ ቀነስሁ ብዬ ልጻፍ» አለ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ከ52 ወደ 6 መውረድ 88 በመቶ መቀነስ ነው። ነገር ግን በዚህ ዘመን በመቶኛ የተጻፈ ቁጥር ራሱ አዲስ ባዶ ቃል ሆኗል። «ሽያጭ በ200 በመቶ አሳደግሁ» የሚል ሰው ከአንድ ወደ ሦስት ያሳደገ ሊሆን ይችላል። መቶኛ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ካልተጻፈበት አይመዘንም። በዚህ በልጁ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። 52ቱ የተገኙት ከ215 ዐይነት ውስጥ ነው፤ 6ቱ ግን ከ340 ውስጥ ናቸው። መነሻው ስለ ተለወጠ ሁለቱን በአንድ መቶኛ ማሰር ሥራውን ከነበረበት ያሳንሰዋል እንጂ አያጐላውም። ስለዚህ አራቱም ቁጥሮች እንዳሉ ይጻፉ፤ ማስላት የሚወድ ኀላፊ ራሱ ያስላ።

ስለ ቁጥር ሌላም ክርክር ነበረን። «በእኔ ጥረት መሥሪያ ቤቱ ከትርፍ ግዢ ዳነ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሊጨምር ፈልጎ ነበር። ነገሩ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስንት ብር እንደ ዳነ አልተቆጠረም፤ ግዢውን የሚወስነውም እርሱ አይደለም። ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ሰው «ስንት ብር?» ቢለው መልስ የለውም። አንድ ዐረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ከመግባቱ በፊት፥ ሁለት ጥያቄ ቢከተለው ይቆማል ወይስ ይወድቃል ብሎ መፈተን ያስፈልጋል። የቆጠራው ዐረፍተ ነገር ይቆማል፤ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ በመሥሪያ ቤቱ ፋይል አለና። የትርፍ ግዢው ግን በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል።

ምክንያታቸው ያልተገኘውን ሁለቱን ዕቃዎች ይጻፍ ወይስ ይተው የሚለው ረዥም ጊዜ አነጋገረን። እርሱ «ጉድለቴን ለምን እናገራለሁ?» አለ። እኔም በወረቀቱ ላይ «6 ቀሩ» ማለቱ ይበቃል፥ ለማይጠይቅ ሰው ሁሉን መዘርዘር ግድ አይደለም አልሁት። ሆኖም ቢጠየቅ «የሁለቱን አላገኘሁም» እንዲል ተስማማን። ግምጃ ቤት የሚያውቅ ሰው ዜሮ ከሚል ወረቀት ይልቅ ስድስት የሚለውን ያምናል፤ በ340 ዐይነት ላይ ዜሮ ልዩነት ብዙ ጊዜ ያልተቆጠረ ዕቃ ምልክት ነውና።

ይህን የሚያነብ ሥራ ያልያዘ ወጣት «እኔ ግምጃ ቤት አልያዝሁ፥ ምን እጽፋለሁ?» ይል ይሆናል። የልጁ ታናሽ እኅትም አብራው መጥታ ነበርና ይህንኑ ጠየቀችኝ። ገና ኮሌጅ ናት። ስጠይቃት አባቷ የዕድር ጸሐፊ ናቸው፤ ዐይናቸው ስለ ደከመ ሦስት ዓመት ሙሉ የወር መዋጮውን መዝገብ የምትጽፈው እርስዋ ናት። የ86 አባላት መዝገብ ነው። እርስዋ ግን አባቷን ማገዝ እንጂ ሥራ አድርጋ አልቈጠረችውም፤ በወረቀቷ ላይ የነበረው «ትጉህና ኀላፊነት የሚሰማኝ» የሚል ነው። ደመወዝ ያልተከፈለበት ሥራ ሥራ አይደለም ያለን ማን እንደ ሆነ አላውቅም።

ልጁ በማግሥቱ አዲሱን ወረቀት ይዞ ተመለሰ። «ስለ ራሴ» ከሚለው አርእስት ሥር አሁን የተጻፈው ይህ ነው፤

«ከሐምሌ 2013 እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. 340 ዐይነት ዕቃ ያለበትን ግምጃ ቤት ይዣለሁ። ስረከብ ካርድ ከነበራቸው 215 ዐይነቶች በ52ቱ ላይ ካርዱና ዕቃው አይስማሙም ነበር፤ በሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. የቆጠራ ኮሚቴ 340ውን ሲቆጥር 6 ቀሩ። ለ125 ዐይነት ካርድ አወጣሁ፤ መለኪያውን በየካርዱ ላይ ጻፍሁ፤ በየሳምንቱ ዐሥር ዐይነት ቆጠርሁ፤ በየወሩ ከሒሳብ ክፍል ጋር መዝገብ አስተያየሁ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በሁለት ሳምንት የገቡትን 27 ገቢዎች ዓመቱ ሳይዘጋ ወደ ካርድ አስገባሁ።»

ከፊተኛው ይረዝማል፤ በዚህ አላፈርሁም። አንድ ቅጽል የለበትም። ስሙ ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ቢገባበት ያ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ይያዛል።

ከዚያም ወረቀቱን አጥፎ፥ «መምህር፥ የምስክርነት ደብዳቤም ይጻፉልኝ» አለኝ። ብዕር አንሥቼ ተቀመጥሁ። «ታታሪ» የምትለዋ ቃል ከልማድ የተነሣ ራስዋ መጥታ ከብዕሬ ጫፍ ቆመች። ሰረዝኋት። ከዚያም ስለ እርሱ በእርግጥ የማውቀው ምን እንደ ሆነ ማሰብ ጀመርሁ፤ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ወሰደብኝ። በመጨረሻ የጻፍሁት አራት መስመር ነው፤ በዘጠነኛና በዐሥረኛ ክፍል እንዳስተማርሁት፥ በሁለቱ ዓመት ውስጥ የክፍሉን መማሪያ መጻሕፍት የሚያድለውና የሚሰበስበው እርሱ እንደ ነበረ፥ አንድ ጊዜም እኔ ራሴ ተውሼ የረሳሁትን መጽሐፍ በስሜ መዝግቦ በዓመቱ መጨረሻ በክፍሉ ፊት እንደ ጠየቀኝ።